ፒንግ ይሄዳል፣ ቻት ይሄዳል፣ ፋይሉ ግን ይቆማል

ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ስካን ያደረገችውን ሰነድ ሳሪስ ወዳለው ቅርንጫፍ ሰርቨር በቪፒኤን፣ ማለትም ሁለቱን ቢሮዎች በኢንተርኔት ላይ በሚያገናኘው የግል መስመር፣ ትልካለች። ወደ 3 ሜጋባይት ነው። መጫኑን የሚያሳየው መስመር ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። «ኢንተርኔቱ እኮ አለ፤ ፋይሉ ነው እምቢ ያለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰነዱ በፍላሽ፣ በታክሲ ሲመላለስ ነበር።

ምልክቱ

አጭር መልእክት ወዲያው ይደርሳል። ወደ ሰርቨሩ መግባትም ይቻላል። ከበድ ያለ ነገር ሲላክ ግን ሁሌም መጀመሪያው ላይ ይቆማል። ይህ «ሁሌም» የሚለው ቃል ዋና ፍንጭ ነው። አንዴ እየሄደ አንዴ የሚቆራረጥ ከሆነ ችግሩ የመስመር ጥራት ነው። ሁሉም ነገር የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደግሞ የፍጥነት ማነስ ነው። ትንሹ አልፎ ትልቁ ብቻ ከቀረ መጠን ነው የሚጠረጠረው።

ምክንያቱ

ሰነዱ እንዳለ አይሄድም። ኮምፒውተሩ ፓኬት ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። በተለመደው የቢሮ ኔትወርክ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 40ው አድራሻና ቁጥር ስለሚጻፍበት ለሰነዱ የሚተርፈው 1460 ነው። ስለዚህ የ3 ሜጋባይት ሰነድ ከ2,000 በላይ ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ላይ ከሰነዱ ስንተኛው ባይት እንደሚጀምር ተጽፎበታል። በተለያየ መንገድ ሄደው ኋለኛው ቢቀድም እንኳ ተቀባዩ በቁጥሩ መልሶ ይገጣጥማቸዋል። የደረሰውን «ደርሶኛል» ይላል፤ ማረጋገጫ ያልመጣለትን ላኪው ይደግማል።

ቪፒኤን ግን ፓኬቱን ሌላ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። ፖስታውም ቦታ ይወስዳል፣ ስለዚህ 1500 የሞላ ፓኬት አይገባም። ኮምፒውተሮች ደግሞ ፓኬታቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ «አትቁረጡኝ» የሚል ምልክት ያደርጋሉ። ራውተሩ ሊያሳልፈውም ሊቆርጠውም ስለማይችል ይጥለዋል። ሲጥለው ግን «በዛብኝ፣ አሳንሰህ ላክ» የሚል አጭር መልእክት መመለስ አለበት። መልእክቱ የሚመጣው መሣሪያዎች ስለ መንገዱ ሁኔታ በሚነጋገሩበት በ`ICMP` ነው፤ «አለህ?» ብሎ መልስ የሚጠብቀው ፒንግም የሚሄደው በዚሁ ነው። እኛ ጋ ራውተሩን ያስተካከለው ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ከፒንግ በስተቀር `ICMP`ን በሙሉ ዘግቶታል። ላኪው ምንም ስላልሰማ ያንኑ ፓኬት በዚያው መጠን ይደጋግማል። ሰላምታውና የይለፍ ቃሉ ትንንሽ ፓኬቶች ስለሆኑ ያልፋሉ። ችግሩ እንዲህ የሚያታልለው ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው

ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ይጻፋል። `-f` አትቁረጡኝ ማለት ነው፣ `-l` መጠኑ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው የሰርቨሩ አድራሻ ነው።

```
ping -f -l 1472 10.0.0.5
```

1472 ላይ የፒንግና የአድራሻው 28 ባይት ሲደመር 1500 ይሞላል። እኛ ጋ `Request timed out.` አለ። 1300 አለፈ። 1400 ቀረ። መሃል ለመሃል እየከፈልኩ ሄጄ 1372 አለፈ፣ 1373 ቀረ። 1372 ሲደመር 28፣ 1400። የመንገዱ ልክ ይሄው ነው።

መፍትሄው

ለዚያች ቀን የልጅቷን ኮምፒውተር አስተካከልኩ። ኮማንድ ፕሮምፕቱ በአድሚን መከፈት አለበት፤ `"Wi-Fi"` የሚለው የኔትወርክ ግንኙነቱ ስም በእናንተ ማሽን ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ `mtu` የፓኬቱ ትልቁ መጠን ነው።

```
netsh interface ipv4 set subinterface "Wi-Fi" mtu=1400 store=persistent
```

ሰነዱ ወዲያው ሄደ። ከሰርቨሩ ማውረድም ይስተካከላል፣ ምክንያቱም ግንኙነቱ ሲከፈት ኮምፒውተሩ «ከ1360 በላይ አትላክልኝ» ብሎ ይናገራል። ግን ቢሮው ውስጥ ዘጠኝ ኮምፒውተር አለ፣ እንግዳ ላፕቶፕም ይመጣል። አንድ በአንድ መዞር አያዋጣም። ራውተሩ ላይ `MSS` የሚለውን፣ ማለትም በአንድ ፓኬት ውስጥ ለሰነዱ የሚተርፈውን ትልቁን መጠን፣ 1360 ማድረግ ሁሉንም ይይዛል። ይሄም ግን የሚሠራው በ`TCP`፣ ማለትም በዚያ «ደርሶኛል» በሚባልበት አላላክ፣ ለሚሄደው ብቻ ነው። ማረጋገጫ ሳይጠብቅ በ`UDP` የሚሄድ ነገር አይጠቀምበትም።

ሥሩን የሚነቅለው ያንን የተዘጋ መልእክት መክፈት ነው። ፋየርዎሉ ላይ `ICMP type 3 code 4` ይፈቀድ። ሌላው እንደተዘጋ ሊቆይ ይችላል። በማግስቱ ራውተሩን የሚያስተዳድረው ሰው ይህን ከፈተ። የልጅቷን ኮምፒውተር ወደ 1500 መልሼ ያንኑ የ1472 ፒንግ ደገምኩ። አሁንም አላለፈም፤ ማለፍም የለበትም። ግን ዝምታው ቀርቶ `Packet needs to be fragmented but DF set.` የሚል መልስ መጣ። ሰነዱን ደግማ ላከችው፣ ሄደ።