የወር አበባ ሲመጣ ኢንሱሊን መቀነስን መርሳት፣ እና ሌሎች ስህተቶች

በስኳር ክትትል ክፍል በነርስነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሴቶች ከወር አበባቸው ጋር በተያያዘ የሚሠሯቸው ስህተቶች ግን ዛሬም ያው ናቸው። አንዱን እኔም ስሠራው ኖሬያለሁ፤ ከእሱ ልጀምር።

የአንዲት ታካሚ ደብተር ላይ የጠዋት ስኳር ለቀናት ከፍ ብሎ ሳይ "ምን በልተሽ ነው?" እል ነበር። "ኧረ ምንም አልበላሁም" ስትለኝ አላምናትም። የወር አበባዋ መቼ እንደሆነ መጠየቅ ትዝ አይለኝም ነበር። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። ያኔ ኢንሱሊን እንደ ወትሮው አይሠራም። ስለዚህ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ምግቡም መድኃኒቱም ሳይለወጥ ስኳራቸው ይጨምራል። በዚያ ሰሞን ጣፋጭ የሚያምራት እንዳለች አውቃለሁ። ጥፋቱን ሁሉ ምግብ ላይ መጣል ግን ልጅቷን ደብተሯን እንድትደብቅ ያደርጋታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ስህተት ልምጣ። ስኳሩ ሲጨምር ኢንሱሊን መጨመርን ብዙዎች ተምረዋል። ደም ሲመጣ መልሶ መቀነስን ግን ይረሳሉ! አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ደም የሚመጣው ሆርሞኑ ስለወረደ ነው። ማለትም ደም ባያችሁ ሰዓት ኢንሱሊኑን ሲታገለው የነበረው ነገር ሄዷል። የተጨመረው ኢንሱሊን ግን አሁንም ይወጋል።

አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዓይነት 1 ስኳር ያለባት። ማታ የምትወጋው ኤንፒኤች የሚባለው ዘገምተኛ ኢንሱሊን 12 ዩኒት ነበር። የጠዋት ስኳሯ ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 140 ነው። የወር አበባዋ አምስት ቀን ሲቀረው 178 ሆነ፣ በማግስቱ 195፣ ከዚያ 204። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ የማታውን 14 አደረገችው፤ ወደ 140 ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበረች። ማክሰኞ ከሰዓት ደም መጣ። ማታ እንደለመደችው 14 ወጋች። ኤንፒኤች ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ማታ ከተወጋ ሌሊት ላይ ማለት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት እናቷ ስታቃስት ሰምተው ገቡ። ልብሷ በላብ ርሷል፣ ንግግሯ ተሳስሯል። ሲለኳት 46። መዋጥ ትችል ስለነበር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጧት። ከ15 ደቂቃ በኋላ 83 ሆነ። ኢንሱሊኑ ገና እየሠራ ስለነበር ዳቦም አበሏት። እናቷ ባይነቁስ?

በሚቀጥለው ወር ደም በታየበት ዕለት ማታ ወደ 12 ተመለሰች። ሲነጋጋ ሳይሆን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ለካች፤ 118። አሁን ደብተሯ ላይ ደም በመጣበት ቀን ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቡን ያደረገች ማታ ሁለቱን ዩኒት ታወርዳለች።

የእሷን ቁጥር ግን አትቅዱ። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ከነበረው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ያም ለሚያስፈልጋት ብቻ። ምንም የማይለወጥባት ሴት አለች። የምትወጉት ሠላሳ በሰባ የሚባለው ድብልቅ ከሆነ ደግሞ ሲጨመር ፈጣኑም ዘገምተኛውም አብረው ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ሐኪም ሳታማክሩ አትነካኩት።

የአንድ ወር ደብተር አይቶ መወሰንም ስህተት ነው። ጉንፋን ወይም ጾም ያንን ወር አበላሽቶት ሊሆን ይችላል። ሦስት ወር ተከታተሉ። ስትሪፕ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ደም ይመጣል ብላችሁ ከምትጠብቁበት ሰባት ቀን በፊት ጀምራችሁ፣ ደም እስከመጣ ሦስተኛ ቀን ድረስ፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ ለኩ። በወር አስር ስትሪፕ ገደማ ይበቃል።

"ፔሬዴ ሊመጣ ነው መሰለኝ፣ ተነጫነጭኩ፣ ራሴንም አመመኝ" ብሎ መተኛትም አለ። የስኳር መውረድም እንዲሁ ያነጫንጫል፣ ራስ ያሳምማል። ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ውሰዱ።

በመጨረሻ ሆድ ቁርጠት ይዟት፣ ምግብ አልበላ ሲላት፣ ዓይነት 1 ያለባት ልጅ ኢንሱሊኗን ጭራሽ ትተወዋለች። ይህን አታድርጉ። ካልበላችሁ የምግቡ ፈጣን ኢንሱሊን ይቀራል፤ ዘገምተኛው ምን ያህል እንደሚቀነስ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ግን አይቋረጥም። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስመለስ ከጀመራችሁ የወር አበባ ሕመም ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ኢንሱሊን ሲያንስ የሚከማቸው ኪቶን የሚባለው አሲድ ሽንታችሁ ውስጥ እንዲታይ የዚያኑ ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።