የኦቴሎ ፕሮግራማችሁ ሲመራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ለምን ይሸነፋል?

ይህ ጽሑፍ ጨዋታውን ለምታውቁና ፕሮግራማችሁ በደንቡ መጫወት ለጀመረ ነው። ሕጋዊ እርምጃዎችን በትክክል እያወጣ፣ ፍለጋውም ጥቂት እርምጃ ወደፊት እያየ፣ አሁንም ደካማ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የግምገማ ፋንክሽኑ ውስጥ ነው። የብዙ ተማሪዎችን ኮድ አይቻለሁ። ከአሥሩ በሰባቱ የማገኘው ስህተት አንድ ዓይነት ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

ምልክት፦ እስከ 40ኛው ጠጠር ድረስ በሰፊው ይመራል፣ ከዚያ ይወድቃል

አንድ ተማሪ ያመጣልኝን ጨዋታ ልንገራችሁ። ጥቁር የእሱ ፕሮግራም ነው። ሰሌዳው ላይ 30 ጥቁርና 10 ነጭ ጠጠር አለ፣ 24 ቤት ባዶ ነው። ልጁ ደስ ብሎት «እያሸነፈ ነው» አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅኩት የጠጠሩን ብዛት አይደለም። «ጥቁር አሁን ስንት ቦታ መጫወት ይችላል?» አልኩት። ቆጠረ። ሁለት። ነጭስ? አሥራ አንድ።

ለጥቁር የቀሩት ሁለቱ ቦታዎች b2 እና g7 ነበሩ። ሁለቱም የማዕዘን ሰያፍ ጎረቤት ናቸው። b2 ላይ ማስቀመጥ ማለት a1ን ለተጋጣሚ መስጠት ማለት ነው። ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውም፣ b2ን ተጫወተ። ነጭ a1ን ያዘ፣ ከዚያም በጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ጨዋታው 45 ለ 19 በነጭ አሸናፊነት አለቀ።

የልጁ ቀመር ይህ ነበር፦

```python
score = 10 * (mine - his) + 5 * (m - o) + squares
```

`mine` የራሱ የጠጠር ብዛት ነው፣ `his` የተጋጣሚው። `m` የራሱ የእርምጃ ብዛት ነው፣ `o` የተጋጣሚው። `squares` ደግሞ ጠጠሮቹ ለተቀመጡባቸው ቤቶች የተሰጠው ክብደት ድምር ነው፣ የተጋጣሚው ተቀንሶ። ቁጥሩን እናስገባ። ከጠጠር 10 × 20 = 200 መጣ። ከእርምጃ 5 × (−9) = −45። ከቤት ክብደት −8። ድምሩ +147 ነው። ፕሮግራሙ መውጫ በሌለበት ቦታ ላይ ተቀምጦ «በጣም ጥሩ ላይ ነኝ» እያለ ነበር። ወደዚያ የወሰደውም ይኸው ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ብዙ የሚገለብጠውን መርጧል።

ምክንያቱ

ብዙዎቻችን ያደግነው ዳማ እየተጫወትን ነው። ዳማ ላይ የተበላ ጠጠር ከሰሌዳው ይወጣል፣ አይመለስም። ስለዚህ ጠጠር የበዛለት ይበልጣል። ኦቴሎ ላይ ግን የገለበጣችሁት ጠጠር እዚያው ተቀምጦ መልሶ መገልበጥን ይጠብቃል። በመሃል ጨዋታ ያላችሁ ብዛት ሀብት አይደለም።

ከዚህም ይብሳል። አንድ እርምጃ ሕጋዊ የሚሆነው የተጋጣሚን ጠጠር በመካከል ሲያስገባ ነው። የእናንተ ጠጠር በበዛ ቁጥር፣ በተለይም ባዶ ቤት አጠገብ ያለው በበዛ ቁጥር፣ ተጋጣሚያችሁ የሚገለብጠው ይበዛለታል። የእናንተ ደግሞ ያልቃል። እርምጃ ያለቀበት ሰው መጥፎውን ቤት በግዱ ይጫወታል። ማዕዘን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በስህተት ሳይሆን በማጣት ነው።

መፍትሄው

በመክፈቻና በመሃል ጨዋታ የጠጠር ብዛትን ክብደት ዜሮ አድርጉት። ትንሽ ቀንሱት አላልኩም፣ ዜሮ። ከ10 ወደ 3 ቀንሰው «አልተሻለም» ብለው የሚመለሱ አሉ። የጠጠር ልዩነት በቀላሉ 20 ይደርሳል፣ የእርምጃ ልዩነት ግን ከ10 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ የምትመስለው ክብደትም ትውጠዋለች።

የእርምጃ ብዛትን ደግሞ በጥሬው አትጠቀሙበት። 2 ለ 11 መሆንና 12 ለ 21 መሆን ልዩነታቸው እኩል 9 ነው። የመጀመሪያው ግን መታነቅ ነው፣ ሁለተኛው ገና ሰፊ ነው። ለድምሩ አካፍሉት፦

```python
def evaluate(b, me, opp):
    m, o = len(moves(b, me)), len(moves(b, opp))
    if m == 0 and o == 0:
        return 10000 * (b.count(me) - b.count(opp))
    mob = int(100 * (m - o) / (m + o + 2))
    return 2 * mob + squares(b, me, opp)
```

ያንኑ ሰሌዳ በዚህ እንመዝነው። −900 ለ 15 ሲካፈል −60 ነው፣ በ2 ሲባዛ −120። ከቤት ክብደቱ ጋር −128 ይሆናል። አሁን ቁጥሩ የሰሌዳውን እውነት ይናገራል። ዋናው ጥቅም ደግሞ ፍለጋው ወደዚህ የሚወስደውን መንገድ ከብዙ እርምጃ በፊት አይቶ መሸሹ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱም እርምጃ ሲያጡ የሚያጣራውን መስመር እንዳትዘሉት። ጨዋታው አለቀ ማለት ነው፣ ያኔ የሚቆጠረው ጠጠር ብቻ ነው። አንድ ሰው ይህንን መስመር ሳይጽፍ የጠጠርን ክብደት ከዜሮ በታች አወረደው፣ «ትንሽ ጠጠር ይሻላል» ብሎ። ፕሮግራሙ ጠጠሮቹን በሙሉ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አስበልቶ ጨረሰ። ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ኦቴሎ በ9 እርምጃ ብቻ አንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሊያልቅ ይችላል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አንዱ ወገን ብቻ እርምጃ ካጣ ጨዋታው አላለቀም፣ ተራው ያልፋል።

መጨረሻ አካባቢ የጠጠር ብዛት መመለስ አለበት፣ ግን በግምት አይደለም። ባዶ ቤቶቹ 8 ገደማ ሲቀሩ ግምገማውን ተዉትና እስከ መጨረሻው ፈልጉ። ፓይተን ለዚህ ይበቃል። በሲ የጻፈ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ መጀመር ይችላል።

ጠጠር በጓሮ በር ሲመለስ

ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም ጠጠር የሚያግበሰብስ ፕሮግራም ካያችሁ የቤት ክብደት ሠንጠረዡን ክፈቱ። የመሃል ቤቶቹ +3 ወይም +5 ተሰጥቷቸው ይሆናል። 20 ጠጠር በ+3 ሲባዛ 60 ነው። የጠጠርን ቆጠራ ከፊት አስወጥታችሁ ከኋላ አስገባችሁት ማለት ነው። ከሆነ ቦታ የተገለበጠ ሠንጠረዥ ላይ ይህ በጣም ይበዛል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቁ ሠንጠረዥ አትገልብጡ። እኔ ለማዕዘን 100፣ ለሰያፍ ጎረቤቱ −50፣ በጠርዝ ላይ ላሉት ሁለት ጎረቤቶቹ −20፣ ለመሃሉ −1 ሰጥቼ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ማዕዘን ከያዘ በኋላ አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ይፈራል

b2 መጥፎ የሆነው a1 ባዶ ስለሆነ ነው። a1 ከተያዘ በኋላ፣ በማንም ይሁን፣ ፍርሃቱ ምክንያት የለውም። የማይለወጥ ሠንጠረዥ ግን −50ውን እስከ መጨረሻው ይዞ ይሄዳል። ማዕዘኑን የያዘው ፕሮግራም a2ን ተጫውቶ ከቶ የማይገለበጥ ጠጠር ማግኘት ሲችል ትቶት ያልፋል።

```python
NEAR = {0: (1, 8, 9), 7: (6, 14, 15),
        56: (48, 49, 57), 63: (54, 55, 62)}

def squares(b, me, opp):
    w = W[:]
    for corner, near in NEAR.items():
        if b[corner] != EMPTY:
            for s in near:
                w[s] = 0
    return sum(w[i] * ((b[i] == me) - (b[i] == opp))
               for i in range(64))
```

`w = W[:]` የምትለዋን መስመር ልብ በሉ። ሠንጠረዡን ቀድታ ነው የምትሠራው። አንድ ምሽት ከአንድ ልጅ ጋር አምስት ሰዓት የፈጀብን እዚህ ነው። እሱ `w = W` ብሎ ነበር። ፍለጋው ከብዙ ቅርንጫፎች በአንዱ ማዕዘን የተያዘበት ሰሌዳ አየ፣ ዋናውን ሠንጠረዥ ዜሮ አደረገው፣ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሰሌዳ ዜሮ ሆኖ ቀረ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች በጥንቃቄ ይጫወትና ድንገት b2 ላይ ዘሎ ይገባ ነበር። ሰሌዳውን ለብቻው ስንመዝነው ደግሞ ቁጥሩ ልክ ነው። በስተመጨረሻ የያዝነው ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ `W[9]`ን በማተም ነው። −50 የነበረው 0 ሆኖ አገኘነው።

ምልክት፦ ክፍት ማዕዘን ትቶ ያልፋል

የእርምጃ ክብደቱ በዝቷል። ማዕዘን 100 ሆኖ ጥሬ የእርምጃ ልዩነትን በ15 የሚያባዛ ካለ፣ 7 እርምጃ ብልጫ ማዕዘንን ይበልጣል። ማዕዘን ሲያዝ በአንድ እርምጃ ስንት ነጥብ እንደሚጨመርና እርምጃ ስንት እንደሚያመጣ ጎን ለጎን አትሙትና እዩ።

ምልክት፦ በጥቁር ደህና ይጫወታል፣ በነጭ ይበላሻል

ግምገማው ሁልጊዜ ከጥቁር አንጻር ይመልሳል፣ ፍለጋው ግን ከባለተራው አንጻር ይጠብቃል። ፈተናው አንድ መስመር ነው፦

```python
assert evaluate(b, me, opp) == -evaluate(b, opp, me)
```

ይህ በ2 ብቻ ተለያይቶ ከወደቀ ጥፋቱ የፓይተን `//` ነው። `//` ወደ ታች ስለሚወርድ −100 ለ 9 −12 ይሰጣል፣ 100 ለ 9 ግን 11። ከላይ `int()` የተጠቀምኩት ለዚህ ነው።

ተሻሽሏል ወይስ መስሎን ነው?

ክብደት ስትቀይሩ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አጋጥሙ። ግን ተጠንቀቁ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ዕድል የማይጠቀሙ ከሆነ 100 ጨዋታ ማለት አንድ ጨዋታ 100 ጊዜ ማለት ነው። «100 ለ 0 አሸነፈ» የሚል ውጤት አምጥተውልኝ ጨዋታዎቹ እስከ መጨረሻው ጠጠር አንድ ሆነው አግኝቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን 6 እርምጃዎች በዘፈቀደ ተጫወቱ። ከዚያ ቦታ ሁለት ጨዋታ ይካሄድ፣ ቀለም እየተለዋወጡ። በ100 ጨዋታ 55 ማሸነፍ ምንም አያረጋግጥም፣ በዕድል ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም በ5 መዛነፍ የተለመደ ነው። 60 ሲደርስ ማመን ጀምሩ፣ ወይም ጨዋታውን 400 አድርጉት።

በዚህ ሁሉ ከሠራችሁ በኋላ የምትደርሱበት ገደብ አለ። 1997 ላይ ሎጂስቴሎ የተባለው የሚካኤል ቡሮ ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮኑን ታኬሺ ሙራካሚን 6 ለ 0 ሲያሸንፍ ክብደቶቹ በእጅ የተጻፉ አልነበሩም። የጠርዝንና የሰያፍ መስመሮችን አቀማመጥ በሙሉ እንደ አንድ ነገር እያየ፣ ዋጋቸውን ከብዙ ጨዋታ በስሌት ያወጣ ነበር፣ ያውም ለእያንዳንዱ የጨዋታ ደረጃ ለየብቻ። በእጅ የሚጻፍ ሠንጠረዥ a1 እና a3 ተይዘው a2 ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አያይም፣ እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ነውና የሚመዝነው። ፕሮግራማችሁ ማዕዘኑን ጠብቆ፣ እርምጃ አስተርፎ፣ አሁንም በጠርዝ ፍልሚያ ብቻ የሚሸነፍ ከሆነ ክብደቶቹን መነካካት አቁሙ። ቀጣዩ ሥራ የአንዱን ጠርዝ 8 ቤቶች በአንድ ላይ መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ቤት ባዶ፣ የራስ ወይም የተጋጣሚ ስለሚሆን ጠቅላላው 6,561 አቀማመጥ ብቻ ነው፣ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይገባል።