ክፍያው ከሽፎም አፑ ለምን አልተዘጋም?

ኮዬ ፈጬ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ አይፎን ላይ «ክፍያው አልተሳካም» የሚል መልእክት መጣ። የዶላር ካርዱ ጊዜው አልፎ ባንኩ አዲስ ሰጥቶታል። በየወሩ የሚከፍልበት የቋንቋ መማሪያ አፕ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል።

አፕል በእድሳት ቀን ገንዘቡን ካላገኘ እስከ 60 ቀን ደጋግሞ ይሞክራል። አፑ በዚያ መሃል ክፍት ይሁን አይሁን የሚወስነው ግን አዘጋጁ ነው። ከፈለገ 3፣ 16 ወይም 28 የእፎይታ ቀን ይሰጣል። ካልሰጠ ወዲያው ይዘጋል፣ ሙከራው ግን ይቀጥላል።

የዚህኛው አዘጋጅ የእገዛ ገጹ ላይ 16 ብሏል። እድሳቱ የከሸፈው ጥር 5 ነው፤ ስለዚህ እስከ ጥር 21 ክፍት ነው፣ ሙከራው ደግሞ እስከ መጋቢት 5።

ጥር 14 ላይ Settings ከፍተን፣ ስሙን ነክተን፣ Payment & Shipping ውስጥ አዲሱን ካርድ አስገባን። ክፍያው አለፈ። በእፎይታው ውስጥ ስለተከፈለ ቀጣዩ እድሳት የካቲት 5 ገደማ እንደነበረ ቀረ። ከእፎይታው በኋላ ቢሆን ኖሮ ወሩ ከተከፈለበት ቀን ይቆጠር ነበር።

አፑን የማይፈልግ ሰው ግን «ተዘግቷል» ብሎ አይተወው። Subscriptions ገብቶ ይሰርዝ፤ አለበለዚያ በ60 ቀኑ ውስጥ ካርዱ ላይ ብር ሲገባ ይቆረጥበታል።