የሚታመን ሠራተኛ የሥራ ሰዓት አጭበርብሮ ሲገኝ፦ በመጀመሪያው ንግግር የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ የጥገና ፎርማን እንውሰድ። በፋብሪካው ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በእጃቸው ነው፣ የትርፍ ሰዓት ፎርማቸውንም ሥራ አስኪያጁ ሳያነብ ነው የሚፈርምላቸው። በጥቅምት ወር ፎርም ላይ ስድስት ቀን እስከ ምሽቱ 1:30 እንደሠሩ ተጽፏል። የበር ጥበቃው መዝገብ ግን በስድስቱም ቀን ከ11:40 በፊት መውጣታቸውን ያሳያል፤ መደበኛው ሥራ የሚያበቃው 11:30 ላይ ነው። ደሞዛቸው 15,600 ብር ቢሆንና ወሩ በ208 ሰዓት ቢሰላ የአንድ ሰዓቱ 75 ብር፣ በትርፍ ሰዓት ስሌት በአንድ ተኩል ሲባዛ 112.50 ብር ይመጣል። ለ12 ሰዓት 1,350 ብር ማለት ነው። ለፋብሪካ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሥራ አስኪያጁን የሚያንገበግበው ብሩ ሳይሆን መታመኑ መፍረሱ ነው፤ ከታች ያሉት ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚያ ንዴት ነው።

ሰዓትና ቀኑን ሳያስታርቁ መጥራት

የጣት አሻራ ማሽን በአብዛኛው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ፎርሙን ሰው የሚሞላው በእኛ ነው። ጥቅምት 14 ቀን 2018 በማሽኑ ላይ ኦክቶበር 24 ሆኖ ይወጣል፣ ምሽት 1:30 ደግሞ 19:30። አንድ ቀን ተዛንፎ ከተነበበ ንጹሕ ሰው አጭበርባሪ ይመስላል። ስለዚህ ከመጥራት በፊት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ይዘጋጅ፦ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ፎርሙ የሚለው፣ ማሽኑ የሚለው፣ የበር መዝገቡ የሚለው። ማሽኑና የበር መዝገቡ እርስ በርሳቸው ያልተስማሙበት ቀን ከዝርዝሩ ይውጣ። ስድስት ጠንካራ ቀን፣ አራቱ ከሚያወላዱ አሥር ቀናት ይሻላል፤ ሠራተኛው የሚይዘው ደካማዎቹን ነውና።

ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይዛነፍ እንደሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከእርስዎ በፊት ይህን የሚያውቁት የጥገና ሰዎች ናቸው።

በኮሪደር ወይም በቡና ሰዓት መጀመር

«ስለ እርስዎ አንድ ነገር ሰማሁ፣ በኋላ እናወራለን» ብሎ ማለፍ ሠራተኛውን እንቅልፍ ይነሣዋል፤ መዝገቡን የያዘውን ጥበቃ እስከ ማታ የሚያነጋግርበት ጊዜም ይሰጠዋል። መዝገቡን አስቀድሞ ኮፒ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ በጠዋት በዝግ ክፍል ማነጋገር ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ከሰው ሀብት አንድ ሰው፣ ሠራተኛው። አራተኛ ሰው አያስፈልግም፤ የኅብረት ስምምነቱ ወይም የሥራ ደንቡ የማኅበር ተወካይ ይገኝ የሚል ከሆነ ግን ይገኛል። የዓውደ ዓመት ዋዜማና የሳምንቱ ማብቂያ አይመረጡም።

ማስረጃውን መጀመሪያ መዘርገፍ

ይህ ትልቁ ስህተት ነው። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ሠራተኛው መልሱን ለወረቀቱ ልክ አድርጎ ይቀርጻል፤ ንጹሕ ከሆነም ይደነግጥና ማስረዳት ያቅተዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ አሠራሩ፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ ከዚያ የቀረው።

«በጥቅምት የትርፍ ሰዓት ፎርም ላይ ያልገባኝ ነገር ስላለ ነው የጠራሁዎት። መጀመሪያ ግን ፎርሙን እንዴት እንደሚሞሉት ይንገሩኝ። ዕለት ዕለት ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ?»

«በወሩ መጨረሻ ነው፣ ከማስታወሻዬ።»

«ማስታወሻው አለ?»

ይህች ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። ማስታወሻ ካለ የሚታይ ነገር ተገኘ፤ ከሌለ ፎርሙ በግምት እንደተሞላ በራሳቸው አንደበት ተነገረ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ይቅረብ፦ «ጥቅምት 14 እስከ 1:30 ተጽፏል። ያን ቀን ምን ነበር የሠሩት?» መልሱ ተሰምቶ ካለቀ በኋላ መዝገቡ ይታይ። ከዚያ ዝምታ። ሥራ አስኪያጆች ዝምታውን መቋቋም አቅቷቸው «ምናልባት ረስተውት ይሆናል» ብለው ሰበቡን ራሳቸው ያቀብላሉ።

አንድ የቋንቋ ነገርም አለ። ሲያነጋግሯቸው የኖሩትን ሰው በ«እርስዎ» ጀምሮ መሐል ላይ ወደ «አንተ» መውረድ ፍርዱን በአንዲት ቃል መናገር ነው። «ሌባ» እና «አጭበረበሩ» የሚሉት ቃላትም በዚህ ንግግር ቦታ የላቸውም፤ «ፎርሙና መዝገቡ አልተስማሙም» ይበቃል።

የራስን ፊርማ መርሳት

ስድስቱም ቀን ላይ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ሠራተኛው «እርስዎ አይደሉ የፈረሙት?» ሲሉ መቆጣት ንግግሩን ያበላሻል። «አዎ፣ ሳላጣራ ፈርሜያለሁ፤ የእኔ ጥፋት ለብቻው ይታያል» ማለት ይሻላል። ምናልባትም ሌላ መልስ ይመጣል፦ «እሑድ ማሽን ተበላሽቶ ስመጣ የእሑድ አይከፈልም ተባልኩ፣ በሌላ ቀን አካክሰህ ጻፍ ያሉኝ የቀድሞው አለቃ ናቸው።» ይህ በየፋብሪካው የተለመደ ነው። እውነት ከሆነ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል፤ በሕጉ የሳምንት ዕረፍት ቀን ሥራ በሁለት እጥፍ ይከፈላልና ድርጅቱም ዕዳ ይኖርበታል። የትኛው እሑድ፣ ማን እንዳለ፣ ማን እንዳየ ተጠይቆ ይመዝገብ፤ እዚያው «ውሸት ነው» አይባልም።

ቃል መግባትና ማስፈረም

«እመኑልኝና በእኛ መካከል ይቀራል» የተባለለት ሰው አምኖ ሲሰናበት፣ ክርክሩ ከሰዓቱ ወደተሰበረው ቃል ይዞራል። «ወይ መልቀቂያ ይጻፉ፣ ወይ ፖሊስ እጠራለሁ» ደግሞ የባሰ ነው፤ እንዲህ የተጻፈ መልቀቂያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ተገድጄ ነው ይባልበታል። 1,350 ብሩን በዚያው ወር ከደሞዝ መቁረጥም አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዙ ሲሶ አይበልጥም።

የሚፈረመው ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። የተጠየቀው፣ የተመለሰው፣ የታየው ሰነድ፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። ሠራተኛው «እንዲህ አላልኩም» ካሉ መስመሩ ይታረማል፤ አልፈርምም ካሉም አለመፈረማቸው ተጽፎ የተገኙት ይፈርማሉ።

ቀኑን አለመቁጠር

ለታመነ ሰው ማዘን ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በማዘግየት ነው። በአዋጁ አንቀጽ 27 ማጭበርበር ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ይሆናል፤ ነገር ግን አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ያልፋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት አምስት ሳምንት ገደማ ነው። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደሩ ይህ ስሌት አይመለከታቸውም።) ስለዚህ ልዩነቱ የታወቀበት ቀን በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ንግግሩም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይደረግ፣ እሑዱን ለማጣራት ጊዜ እንዲተርፍ።

ንግግሩ ሲዘጋ ሦስት ነገር ይነገራል፦ ምን እንደሚጣራ፣ መልሱ በየትኛው ቀን በጽሑፍ እንደሚሰጥ፣ እስከዚያ ፎርማቸውን ማን እንደሚፈርም። የዚያን ዕለት ማታ ሽማግሌ መደወሉ አይቀርም። «ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው፣ ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ» ተብሎ በአክብሮት ይመለሳል፤ ምን እንደተገኘ ግን ለእሳቸውም አይነገርም።