ስለ ልጅዎ የስኳር ህመም ለመምህር የሚሰጥ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሦስት ገጽ ነበር። ቆሽት ምን እንደሚሠራ፣ ኢንሱሊን ምን እንደሆነ ሁሉን ዘርዝሬ ጻፍሁ። መምህሩ በአክብሮት ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት። ብዙም ሳይቆይ ልጄ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ እንቅልፍ የያዛት መስሏቸው ፊቷን እንድትታጠብ ብቻዋን ሰደዷት። ስኳሯ ወርዶ 58 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ጥፋቱ ከእርሳቸው ይልቅ የእኔ ነው፤ ሊያውቁት የሚገባው ነገር ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ደብዳቤ በአንድ ገጽ እንዲህ ጻፍሁት።

በመጀመሪያ የልጅዎን ምልክት ይጻፉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የፊት መገርጣት፣ ራስ ምታትና ያለ ምክንያት መነጫነጭ የስኳር ማነስ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። መምህሩን የሚረዳው ግን ልጅዎ ላይ ብቻ የሚታየው ነው። የእኔ ልጅ ገና ላብ ሳይነካት ፊደሎቿ ከመስመር መውረድ ይጀምራሉ። ስለዚህ እንዲህ አልሁ፦ «መምህር፣ ጽሕፈቷ ድንገት ከተበላሸ፣ የጠየቋትን ደጋግማ ካስደገመችዎ ወይም ያለ ልማዷ ከተቆጣች፣ እባክዎ ከመገሠጽዎ በፊት ስኳሯን ትለካ።»

ቀጥሎ ስኳሯን የምትለካበትን ሰዓት ያስፍሩ። የእኔ ልጅ ከምሳ በፊትና ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በፊት ትለካለች፤ ምልክት ሲታይ ደግሞ ወዲያውኑ፣ እዚያው በተቀመጠችበት። ጣቷን ራሷ ትወጋለች፤ ከመምህሩ የሚጠበቀው ቁጥሩን ማየት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አስምሬበታለሁ፦ ከመለካቷ በፊት እጇን ትታጠብ። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ የወረደውን ስኳር ይደብቃል። ውኃ አጠገቧ ከሌለ የመጀመሪያዋን የደም ጠብታ ጠርጎ በሁለተኛዋ መለካት ይሻላል። መለኪያው ካልተገኘም ምልክቱ ብቻ በቂ ነው፤ ጣፋጩ ጭማቂ ይሰጣት።

ዋናው ክፍል ቁጥሩ ሲወርድ የሚደረገው ነው። ይህን በደንብ መልክ ከመጻፍ አንድ ቀን እንዳለ ብተርክላቸው ይቀላል ብዬ እንዲህ ጻፍሁ፦

«ከስፖርት መልስ ለካች እንበል፤ 62 አሳየ። ከ70 በታች ስለሆነ ዝቅ ብሏል። ቦርሳዋ ውስጥ ካለው ቀይ ሳጥን ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ትጠጣለች፤ ይህ 15 ግራም ያህል ስኳር ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ተቀምጣ እንደገና ትለካለች። 84 ከሆነ አልፏል። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ ያህል ትደግማለች፤ ለእኔም ይደውሉልኝ። ቸኮሌት አይስጧት፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ምሳ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ ሁለት ብስኩት ትጨምር። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም አእምሮዋ ለጥቂት ጊዜ ይዘገያልና ፈተና ከሆነ ጊዜ ይስጧት።»

እነዚህ ቁጥሮች የእኔ ልጅ ሐኪም የሰጠን ናቸው። ለትናንሽ ልጆች 15 ግራም ሊበዛ ስለሚችል የልጅዎን መጠን ከሐኪሙ ወስደው ይጻፉ። መለኪያዎ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ 70 የሚለው 3.9 ይሆናል፤ በሁለቱ መለኪያ ጽፎ መምህሩን ማደናገር ግን አያስፈልግም።

መክሰስን በተመለከተ ሁለቱን ነገሮች ይለዩ። የዘወትሩ መክሰስ በሰዓቱ የሚበላ ነው፤ ቀዩ ሳጥን ደግሞ ለአደጋ ብቻ ነው። «ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው» የሚለው ደንብ እርሷን እንዳይመለከት በግልጽ ይጠይቁ። ከሳጥኑ የተወሰደ ነገር ካለ ያን ዕለት እንዲነግሩዎት ያድርጉ፤ እኔ ባዶ ሳጥን ይዛ ትምህርት ቤት የዋለችበትን ቀን አውቃለሁ።

ከታች፣ በወፍራም ብዕር፣ ሦስት መስመር ብቻ ይጻፉ፦

«ስኳሯ ሲወርድ ብቻዋን አትላክ፤ ወደ መጸዳጃም ቢሆን።
ስኳሯ ሲወርድ ኢንሱሊን አይሰጣትም።
ራሷን ከሳተች ወይም መዋጥ ካቃታት ምንም በአፏ አይግባ፤ በጎኗ አስተኝተው አምቡላንስ ይጥሩ፣ ከዚያ ለእኔ ይደውሉ።»

ሐኪሙ የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን የግሉካጎን መርፌ አዝዞላት ከሆነ የት እንደተቀመጠና ማን መስጠት እንደሠለጠነ አራተኛ መስመር ይሁን።

ደብዳቤውን በልጅዎ እጅ አይላኩት። ይዘው ሄደው፣ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ልጅዎ መምህሯ ፊት አንድ ጊዜ ትለካ። አንዱን ቅጂ ተተኪ መምህር እንዲያገኘው በስም መጥሪያው መዝገብ ውስጥ ያስቀምጡ። እኔ ይህን ሳደርግ መምህሩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደብተሯን ገልጠው «የወረደው ጽሕፈት የትኛው ነው?» አሉኝ። የዚያን የሒሳብ ቀን ገጽ አሳየኋቸው።