ሪከርዱ አለ፣ ድምፁ የለም

የስልክ ጥሪ የሚቀዳ አፕ አውርዳችኋል። የጠየቀውን ፈቃድ ሁሉ ሰጥታችኋል። ደውላችሁ 4 ደቂቃ አወራችሁና ዘጋችሁ። ፋይሉ ተቀምጧል፣ ርዝመቱም 4 ደቂቃ ይላል። ስትከፍቱት ግን ጭጭ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ሰው ይህን ስሞታ ደጋግሞ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ስልኩ አልተበላሸም። ስለዚህ ማይክ ለማስቀየር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ አድርጉ።

ሙከራው

ቤት ላለ ሰው ደውሉና ሪከርድ አስጀምሩ። እናንተ 1፣ 3፣ 5 እያላችሁ ቁጠሩ። እሱ 2፣ 4፣ 6 ይበል። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ፋይሉን ክፈቱ።

አንድም ቁጥር ካልተሰማ፣ አፑን ያገደው አንድሮይድ ራሱ ነው። ጎዶሎዎቹ ብቻ ከተሰሙ፣ አፑ የያዘው የእናንተን ማይክ ብቻ ነው። 2፣ 4፣ 6 ከጉድጓድ የሚመጣ ያህል ደክመው ከተሰሙ፣ ድምፁ ከስፒከር ወጥቶ በአየር ወደ ማይኩ የገባ ነው። ሁሉም ቁጥር ጥርት ብሎ ከተሰማ ሪከርዱ ደህና ነው፤ የጠፋባችሁ ፋይል ካለ ችግሩን የማከማቻ ቦታው ላይ ፈልጉት።

አንድም ድምፅ የለም

የመደበኛ ጥሪ ድምፅ እንደ ዘፈን ወይም እንደ ቪዲዮ በአፖች መሃል አያልፍም። ከኔትወርክ የመጣውን ድምፅ ሞደሙ ይቀበላል፣ ለድምፅ ቺፑ ያቀብላል፣ ቺፑ ወደ ጆሯችሁ ይልከዋል። አፑ በዚህ መንገድ ላይ የለም። የሁለቱንም ወገን ድምፅ ከዚያ መስመር ለመውሰድ `CAPTURE_AUDIO_OUTPUT` የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ፈቃድ የሚያገኘው አምራቹ ከስልኩ ጋር አብሮ የጫነው አፕ ብቻ ነው። እናንተ ብትፈልጉም ለወረደ አፕ ልትሰጡት አትችሉም፤ ሴቲንግ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ድሮ አፖቹ በጓሮ በር ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አንድሮይድ 9 አብዛኛውን የጓሮ በር ዘጋ። በ2019 የመጣው አንድሮይድ 10 ደግሞ ማይኩንም ጨመረ፦ ጥሪ ላይ እያላችሁ ሌላ ተራ አፕ ማይክ ሲጠይቅ፣ ስልኩ «አይቻልም» አይለውም። ዝምታ ይሰጠዋል። አፑም የተሰጠውን ዝምታ በትጋት ይቀዳል። ርዝመቱ ሙሉ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ፋይል የሚመጣው ከዚህ ነው።

የቀረችው ቀዳዳ አክሰሰቢሊቲ ነበረች። ይህ ለማየት ወይም ስልክ ለመንካት ለሚቸገሩ ሰዎች የተሰራ አገልግሎት ነው፤ ጥሪ ላይም ማይክ ይፈቀድለታል። ሪከርድ አፖች በዚህ ተጠለሉ። ጎግል በግንቦት 2022 ፕሌይ ስቶር ላይ ያሉ አፖች አክሰሰቢሊቲን ለጥሪ ቀረጻ እንዳይጠቀሙ ከለከለ። አሁን «ይሰራል» ተብሎ በቴሌግራም የሚላክላችሁ ኤፒኬ ፋይል በአብዛኛው ይህንኑ ፈቃድ ፈላጊ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አክሰሰቢሊቲ የተሰጠው አፕ ስክሪን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላል፣ በእናንተ ፈንታም ቁልፍ መጫን ይችላል። የቴሌብርና የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ ይህን ማን እንደሰራው ላልታወቀ አፕ መስጠት የሱቅ ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ስልኩ `Restricted setting` የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ቢከለክላችሁ፣ እባካችሁ ዩቲዩብ ላይ የመክፈቻ ዘዴ አትፈልጉ።

መፍትሄው ከስልኩ ጋር በመጣው መደወያ ውስጥ ሪከርድ እንዳለ ማየት ነው። ደውሉና የጥሪው ገጽ ላይ `Record` የሚል ቁልፍ ፈልጉ። ካለ፣ ሌላ አፕ አያስፈልጋችሁም። ከሌለ አምራቹ ለዚያ ስልክ አልፈቀደም ማለት ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው፣ ለአንዱ አገር ገበያ የወጣው ቁልፉ ኖሮት ለሌላው የወጣው የማይኖረው ለዚህ ነው። ከውጭ ዘመድ የላከው ስልክ ላይ ቁልፉን ብታጡት አትገረሙ፤ የዚያን አገር ሕግ ይዞ ነው የመጣው። ሶፍትዌር ቀይረን እናምጣልህ የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ለአንድ ቁልፍ ሲባል ሙሉ ስልክ ይሞታል።

የእናንተ ድምፅ ብቻ ይሰማል

ይህ በአሮጌ አንድሮይድና በአክሰሰቢሊቲ በሚሰሩ አፖች ይበዛል። አፑ ያገኘው ማይኩን ብቻ ነው። ሰዎች ስፒከር ላይ ያደርጉና «አሁንም የሱ ድምፅ ደካማ ነው» ይላሉ። ምክንያቱ ስልኩ ራሱ ነው፦ የደወለላችሁ ሰው የገዛ ድምፁን መልሶ እንዳይሰማ፣ ከስፒከር ወጥቶ ወደ ማይኩ የሚገባውን ድምፅ ያጠፋዋል። ብሉቱዝ ማዳመጫ ካደረጋችሁ ደግሞ የሰውየው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ስለማይወጣ ጭራሽ አይያዝም። ፍቱኑ መንገድ ስፒከር ላይ አድርጎ በሌላ ስልክ መቅዳት ነው። ሁለተኛው ስልክ ጥሪ ላይ ስላልሆነ ማይኩን ማንም አይዘጋበትም። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ጥሪም በዚሁ መንገድ ይቀዳል።

ሌላው ወገን «እየተቀዳ ነው» የሚል ድምፅ ሰማ

ብልሽት አይደለም። የጎግል መደወያ ሪከርድ ሲጀምር ለሁለቱም ወገን ያስታውቃል። አይፎንም ከ18.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከጥቅምት 2024 ወዲህ፣ በሚፈቀድባቸው አገሮች ሪከርድ ሲያደርግ እንዲሁ ይናገራል፤ ፋይሉን ኖትስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። «ድምፁን እንዴት ላጥፋው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አታጥፉት ነው መልሴ።

ምሳሌ ልስጥ። ከአጋሮ በኩል ጀንፈል የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ፣ የኪሎው ዋጋ ላይ ሻጩ ቃሉን እንዳያጥፍበት ሳያሳውቅ መቅዳት ፈለገ። ስልኩ አንድሮይድ 12 ነው፣ ያወረደው አፕ ዝምታ ብቻ ይቀዳል፣ መደወያው ላይም ቁልፉ የለም። «ጋሼ፣ ለምን አይነግሩትም?» አልኩት። «ካወቀ አያወራም» አለ። ግን ይህ ሰው የሚፈልገው ዋጋውን፣ ኪሎውንና የርክክቡን ቀን እንጂ የሻጩን ድምፅ አይደለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተነጋገርን። ስልኩን እንደዘጋ አጭር መልእክት ይልካል፦

«አሁን በስልክ እንደተስማማነው፣ 40 ኩንታል ጀንፈል፣ በተነጋገርነው የኪሎ ዋጋ፣ ሐሙስ ጠዋት ርክክብ። ትክክል ከሆነ አዎ ብለህ መልስልኝ።»

ዋጋውን በቁጥር ጻፈበት። «አዎ» የሚል መልስ ሲመጣ፣ ሰዓቱና ቁጥሩ ያለበት የጽሑፍ ማስረጃ ሆነ። ያለ ፈቃድ ከተቀዳ ድምፅ ይልቅ ይሄኛው ለክርክር ይመቻል።

ሕጉንም አትርሱ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚያዝበትን መሠረት ሲዘረዝር የባለቤቱን ፈቃድ ይጠቅሳል። ውጭ ላለ ሰው ስትደውሉ የዚያም አገር ሕግ አለ፤ ካሊፎርኒያ የሁሉንም ተነጋጋሪ ስምምነት ትጠይቃለች፣ ኒው ዮርክ የአንዱ ይበቃታል። መቅዳትና የተቀዳውን ቴሌግራም ቻናል ላይ መልቀቅም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ለብቻው ያስጠይቃል።

መቅዳት ግድ ከሆነ፣ ሪከርዱን አስጀምሩና መጀመሪያ ይህን በሉ፦ «እንዳይረሳኝ እየቀዳሁ ነው፣ ይፈቅዳሉ?» መልሱም አብሮ ይቀዳል። «አይ» ካለ ሪከርዱን አጥፉና ወረቀት አውጡ።