ከማንቆርቆሪያና ከቧንቧ ላይ ነጭ ድንጋይ ስታስለቅቁ የሚፈጸሙ ስህተቶች

«ኮምጣጤው አልሠራልኝም» የሚለኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «ስንቴ ቀየርከው?» ብዬ ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንዴ ጨምሬ አሳደርኩት»።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የተጋገረው በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ ሲያገኘው አረፋ እያወጣ ይሟሟል፣ ግን አሲዱም አብሮ ያልቃል። 5 በመቶ አሲድ ያለው አንድ ሊትር ኮምጣጤ ቢበዛ 40 ግራም ያህል ነው የሚያሟሟው፤ በእኩል ውሃ ያቀጠናችሁት ደግሞ ግማሹን። ውሃው ካልሲየም በበዛበት አካባቢ ለወራት ያልተጸዳ ማንቆርቆሪያ ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። አረፋው ቆሞ ድንጋዩ ካልለቀቀ አሲዱ አልቋል ማለት ነውና፣ ሌሊቱን ሙሉ ብታስቀምጡትም ምንም አይጨምርም። ድፉትና አዲስ አድርጉ።

በቅርቡ አንድ ማንቆርቆሪያ መጣልኝ፤ ታቹ በወፍራም ቅርፊት ተሸፍኗል። ኮምጣጤና ውሃ እኩል አድርጌ ቅርፊቱ እስኪሸፈን ሞላሁት፣ ሳይፈላ ሞቅ አደረግሁትና አጠፋሁት። በግማሽ ሰዓት አረፋው ቆመ፤ ደፋሁት። በሁለተኛው ዙር ቅርፊቱ እየተቀረፈ መነሳት ጀመረ፣ በሦስተኛው ብረቱ ታየ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልቼ ደፋሁ፣ ሽታውም ጠፋ።

በሲትሪክ አሲድ ዱቄት የምትሠሩ ደግሞ አታፍሉት። ሲፈላ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ በሙቅ ውሃ የማይሟሟ ሌላ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ አንዱን ድንጋይ በሌላ መተካት ይሆንባችኋል። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

በቢላዋና በሽቦ መፋቅ ይቅር። የተቧጨረ ብረት ቀጣዩን ቅርፊት ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

ኮምጣጤና በረኪና በፍጹም አይገናኙ! መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ቧንቧው ላይ ኮምጣጤ ማፍሰስ ከንቱ ነው፤ ወዲያው ይንሸራተታል። ጨርቅ ነክራችሁ ጠቅልሉት፣ ላዩን በፌስታል እሰሩት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍቱና በውሃ እጠቡት። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ አንዱን እንደታሰረ አሳድሬው፣ ጠዋት የክሮም ልባጡ ደብዝዞ አገኘሁት። እሱ ደግሞ አይመለስም። የቀረ ቅርፊት ካለ ጨርቁን እንደገና ነክሮ መድገም ይሻላል። እብነ በረድ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ፤ እሱም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ይበላዋል።

ውሃው ከቀጠነም ቱቦውን ከመውቀሳችሁ በፊት የቧንቧው አፍ ላይ የተጠመዘዘችውን ወንፊት ፍቱ። ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ያለው እዚያ ነው። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፏትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሿት፤ የጎማ ቀለበቷን ግን አስቀድማችሁ አውጡ።